«ውጤትዎ አዎንታዊ ነው»

የሕክምና ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስመልስ የሚያሰጋኝ ጆሮ የሚጎረብጠው ትርጉም አይደለም። «የጠዋት ሕመም» የሚል ነገር ያነበበች ነፍሰ ጡር ግራ ገብቷት ትጠይቃለች፤ የእርግዝና ማቅለሽለሽ ማለታቸው እንደሆነ ይነገራታል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የሚያሰጋኝ አማርኛው እንከን ሳይወጣለት ሌላ ነገር የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነው። አንባቢው የገባው ስለሚመስለው አይጠይቅም።

የምርመራ ውጤት «ፖዘቲቭ» ሲባል መዝገበ ቃላቱ «አዎንታዊ» ይለናል። ለላቦራቶሪ ሰው ቃሉ «የፈለግነው ነገር ተገኘ» ማለት ነው፤ የሚፈለገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሽታ ነው። እኛ ግን አዎንታዊ ምላሽ፣ አዎንታዊ አመለካከት ስንል ደግ ደጉን ነው የምናስበው። «የጉበት ቫይረስ ምርመራዎ ውጤት አዎንታዊ ነው» የሚል ደብዳቤ የደረሳቸው እናት «ተመስገን» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ቢያስቀምጡ አልፈርድባቸውም። «አሉታዊ» የተባለውም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሲጨነቅ ያድራል። አገር ቤት ሐኪሞቹ «ፖዘቲቭ» «ኔጌቲቭ» እያሉ እንዳለ ይጠቀሙበታል፤ ለለመደው ይበቃል። በደብዳቤ ላይ ግን እኔ «የጉበት ቫይረስ በደምዎ ውስጥ ተገኝቷል» ወይም «አልተገኘም» ብዬ እጽፋለሁ።

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ታካሚ ከሚሞላው ቅጽ ላይ ከሲጋራና ከመጠጥ ቀጥሎ ስለ «ድራግ» ይጠየቃል። የእንግሊዝኛው ቃል ሁለት ፊት አለው፤ ፋርማሲ የሚሸጠውንም መንገድ ዳር በስውር የሚሸጠውንም ይይዛል። «መድኃኒት ይጠቀማሉ?» ተብሎ ከተተረጎመ የደም ግፊት ኪኒን የሚውጡ አዛውንት ያለምንም ማመንታት «አዎ፣ በየቀኑ» ብለው ይሞላሉ። አማርኛ ሁለቱን ለይቶ አስቀምጦልናል፤ እዚህ የሚፈለገው አደንዛዥ ዕፅ ነው። ይህም ቢሆን ጫትን አይጨምርም የሚል ብዙ ሰው ስላለ፣ ሐኪሙ ስለ ጫት ማወቅ ከፈለገ በስሙ ጠርቶ እንዲጠይቅ እመክራለሁ።

ከሁሉ የባሰው ግን ቃል እንኳ ያልሆነው ሰዓት ነው። ቁጥር ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። «ለደም ምርመራ ምንም ሳይበሉ በ8 ሰዓት ይምጡ» የሚለውን እንውሰድ። እንግሊዝኛው 8:00 AM ነበር፤ ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ ሁለቱን ፊደላት ጣላቸው። በእኛ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ንጋት ላይ ስለሆነ የእንግሊዝኛው ስምንት የእኛ ሁለት ሰዓት ነው። ታካሚው ግን እንደተጻፈለት ከቀኑ በ8 ሰዓት ይመጣል፤ ቀጠሮው ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል፣ እሱም ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ስኳር ያለበትና ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከሆነ ደግሞ መንገድ ላይ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል።

ታዲያ ወደ እኛ ሰዓት መለወጥ ብቻውን አይበቃም። ውጭ አገር የኖረ ሰው ስልኩ የሚያሳየውን ፈረንጅ ሰዓት ያነባል፣ አፉ ግን በአበሻ ሰዓት ያወራል፤ ወረቀት ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ አይሆንም። ስለዚህ ሁለቱንም አስቀምጣለሁ፤ «ጠዋት በ2 ሰዓት፣ ስልክዎ 8:00 AM ሲል»። «በየ8 ሰዓቱ አንድ ፍሬ» የሚለውንም ፈትቼ እጽፈዋለሁ። በችኮላ ያነበበው ሰው በየቀኑ በ8 ሰዓት አንድ ፍሬ ብቻ የሚዋጥ ሊመስለው ስለሚችል፣ «ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ አንድ አንድ ፍሬ ይዋጡ» ብዬ ከጎኑ የስልኩን ሰዓት እጨምራለሁ። «ይውሰዱ» ሳልል «ይዋጡ» ያልኩት አውቄ ነው። መድኃኒት መውሰድ ዛሬ ለምዶልናል፣ አልጣላውም። ሆኖም የሚዋጠውን፣ የሚታኘከውንና ምላስ ሥር የሚቀመጠውን አማርኛ በየግሱ ይለያል፤ እንግሊዝኛው ካልነገረኝ ለጽሑፉ ባለቤት ደውዬ እጠይቃለሁ።

ብዙ ድርጅቶች ስህተት የሚያጠምዱት ዋናውን ያላየ ሌላ ተርጓሚ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው በማድረግ ነው። የተዘለለ መስመርና የተሳሳተ የመድኃኒት መጠን ይያዝበታል፣ ጥሩ ነው። ለእንዲህ ያለው ችግር ግን ወንፊቱ ሰፊ ነው። «አዎንታዊ» ተመልሶ «ፖዘቲቭ» ይሆናል፣ «መድኃኒት» ተመልሶ «ድራግ» ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ ከሆኑ ጽሑፉ ያልፋል። እኔ የምተማመነው እንግሊዝኛ የማያውቁ፣ ከተቻለ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ላይ ነው። አነብላቸውና «ገባዎት?» አልልም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ ልጄ» ስለሆነ ምንም አይነግረኝም። «እስቲ ነገ ምን ያደርጋሉ? በስንት ሰዓት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሲያስረዱኝ ስህተቱ ይወጣል።

በዚህ መንገድ የተቃና ጽሑፍ ከዋናው ይረዝማል። ገምጋሚው «ዋናው ላይ የሌለ ጭማሪ» ብሎ ቀይ ያሰምርበታል፤ እኔም ታካሚው ያለ ጭማሪው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከጎኑ ጽፌ መልሼ እልከዋለሁ።