ማሰሪያ አንቀጹ ያልተሰማ ዐረፍተ ነገር

በቃለ መጠይቅ ቅጂ ውስጥ ሁለት ሰዎች እኩል የሚናገሩባቸው ቦታዎች በዘፈቀደ የተበተኑ አይደሉም። አድማጭ ሐሳቡ ወዴት እንደሚያመራ ሲገባው ዐረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ጥቂት ቃል ሲቀር የራሱን ንግግር ይጀምራል። ሃርቪ ሳክስ፣ ኢማኑኤል ሼግሎፍና ጌል ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ንግግር ተራ ባሳተሙት ጥናት ካሳዩት አንዱ ይኸው ነው፤ ሰው ተራው ሊያልቅ የሚችልበትን ቦታ አስቀድሞ ስለሚገምት መደራረቡ በዚያ አካባቢ ይበዛል። በአማርኛ ደግሞ በዚያ ቦታ የሚቀመጠው ማሰሪያ አንቀጹ ነው። ማን እንዳደረገ፣ በማን ላይ እንዳደረገ፣ ያደርግ እንደነበረ ወይስ እንዳላደረገ የሚነግረን ያ ቃል ነው። «ሄድኩ» እና «ሄድክ» የሚለያዩት በመጨረሻዋ አናባቢ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ በፍጥነት ሲናገሩ ሹክሹክታ ያህል ናት። ጠያቂው እዚያች ላይ «እሺ» ካለ የድርጊቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ከድምፁ ላይ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ ሰው ብዙ ነገር ማጽዳት ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ያልሰማውን ማሰሪያ ግን መሙላት አይችልም።

አንድ ምሳሌ ሠርተን እንየው። አንድ አዛውንት ስለ ልጅነታቸው ይጠየቃሉ እንበል። መጀመሪያ እንደተሰማው ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፤ የማዕዘን ቅንፉ እኩል የተነገረውን፣ ክቡ ቅንፍ በእርግጠኝነት ያልተሰማውን፣ ድርብ ክብ ቅንፍ ቃል ያልሆነውን ድምፅ ያሳያል፦

ተናጋሪ፦ ታላቅ ወንድሜ እንግዲህ፣ ምን ይባላል፣ በየሳምንቱ [(ይመታ) ነበር]
ጠያቂ፦ [እርስዎን?]
ተናጋሪ፦ ((ትንፋሽ ወደ ውስጥ)) እኔማ ገና ልጅ ነበርኩ።

«ይመታ ነበር» ሲላላ ወንድምየው መቺ ነው፤ «መ» እና «ታ» ሲጠብቁ ተመቺ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይለይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። እንግዲህ ገልባጩ ቃሉን በትክክል ጽፎ እንኳ ለአንባቢው ያቀበለው ሁለት ታሪክ ነው። የጠያቂው «እርስዎን?» ወንድምየውን መቺ አድርጎ የሰማ መሆኑን ይናገራል፤ ነገር ግን እሱም የገባው ቃሉ ሳያልቅ ነው። «እኔማ ገና ልጅ ነበርኩ» ደግሞ ለሁለቱም ይስማማል፤ ትንሽ ስለነበርኩ እኔን ይመታኝ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም እሱ ሲመታ እኔ ለዱላ አልደረስኩም ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ወደ ውስጥ የተሳበችው ትንፋሽ በእኛ አገር «አዎ» ማለት መሆኗን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን «እየሰማሁህ ነው» ለማለትም እንጠቀምባታለን። እዚህ ከጥያቄ ቀጥላ ስለመጣች መልስ ልትሆን ትችላለችና እንደ ኮሽታ ቆጥሮ መጣል ስሕተት ነው፤ «አዎ» ብሎ መጻፍም ሌላ ስሕተት ነው።

የተለመደው ማጽዳት ይህን ሁሉ «ታላቅ ወንድሜ በየሳምንቱ ይመታኝ ነበር፤ ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ» ያደርገዋል። ያማረ ዐረፍተ ነገር ነው። ነገር ግን «ኝ» የምትለዋ ከቅጂው አልመጣችም፤ ገልባጩ ከራሱ ያመጣት ናት፤ በእሷም ምክንያት አንድ ሰው በገዛ ወንድሙ ላይ ክስ አቀረበ። አንባቢው ይህንን የሚያውቅበት ምንም መንገድ የለውም፤ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። የፊደል ግድፈት ራሱን ያጋልጣል፤ እንዲህ ያለው ስሕተት ግን ከእውነተኛው ይልቅ ጥርት ብሎ ይነበባል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ቦታውን በደቂቃና በሰከንድ፣ ለምሳሌ 00:14:32 ብሎ ምልክት አድርጎ ማለፍ ነው፤ እዚያው ላይ ተቀምጦ ሃያ ጊዜ መልሶ መስማት ጆሮን የመጀመሪያ ግምቱን ያስለምደዋል እንጂ አያነቃውም። ሙሉው ካለቀ በኋላ ሲመለሱ ሁለት ዓይነት መስማት ያስፈልጋል፤ አንዴ ዐሥር ሰከንድ ያህል ከኋላ ጀምሮ ከነዐውዱ፣ አንዴ ቃሉን ብቻ ነጥሎ። ቅጂውን ማዘግየት ይረዳል፤ ነገር ግን ማዘግየት ሁሉንም ድምፅ ስለሚያረዝም የላላው የጠበቀ መስሎ ሊሰማ ይችላል። መፍትሔው የዚያኑ ተናጋሪ ሌላ ጥርት ያለ ቦታ ፈልጎ፣ በዚያው ፍጥነት ማወዳደር ነው። እኚህ አዛውንት ሌላ ቦታ «ደወሉ ይሰማል» ብለው ከሆነ፣ እዚያ ላይ «ሰ» እና «ማ» መጥበቃቸው ጥርጥር የለውምና የእሳቸው ጥብቅ «ማ» ምን ያህል እንደሚረዝም ከዚያ ይታወቃል። ሁለት ማይክሮፎን በየራሳቸው መስመር ቀድተው ከሆነ ደግሞ የጠያቂውን ድምፅ ዘግቶ የተናጋሪውን ብቻ መስማት ይቻላል፤ የጠያቂው ድምፅ ወደ ሌላው ማይክሮፎን ትንሽ መፍሰሱ አይቀርም፣ ቢሆንም ብዙ ጥያቄ በዚህ ብቻ ይፈታል። ካልተፈታ ሌላ ሰው ይሰማው፤ ግን «ይመታ ነበር ይላል ወይስ አይልም?» ተብሎ አይጠየቅ። ግምቱን የነገሩት ጆሮ ያንኑ ግምት ይሰማል። «የሰማኸውን ጻፍልኝ» ማለት ይበቃል፤ አድማጩ የተናጋሪውን አካባቢ አነጋገር የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል፤ የጎጃም «ሄድሁ» የአዲስ አበባን ጆሮ በቀላሉ ያሳስተዋልና።

«ዐውዱ እኮ ይናገራል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አዛውንቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «አባቴ እሱን ሲገርፈው አለቅስ ነበር» ካሉ፣ ጥርጣሬው በእሳቸው ቃል ተፈትቷል፤ ገልባጩም በሙሉ ልብ «ተመቺ ነበር» ብሎ ሊያነበው ይችላል። እኔ የምቃወመው ከተናጋሪው አፍ የመጣውን ዐውድ ሳይሆን «ታላቅ ወንድም ታናሹን መምታቱ የታወቀ ነው» የሚለውን፣ ከገልባጩ ልምድ የሚመጣውን ዐውድ ነው። የመጀመሪያው ማስረጃ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ወንድማማቾች ያለን አስተያየት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከአዘጋጆች የሚመጣ ነው፦ በቅንፍ የተሞላ ገጽ ማን ያነባል? ተናጋሪውስ በየመስመሩ ሲደነቃቀፍ ቢታይ ክብሩ አይነካም? ይህ ትክክለኛ ስጋት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ጽሑፍ መኖር አለበት እላለሁ። የሥራ ጽሑፉ ሁሉንም ቅንፍና ሰዓት ይይዛል፤ ከቅጂው ጋርም ይቀመጣል። የሚታተመው ግን ይጸዳል። «እ...»፣ የተደጋገመ «እንግዲህ»፣ ጀምሮ የተተወ ቃል ይወጣል። እኩል የተነገረው በተራ ይደረደራል፤ መጀመሪያ የተናጋሪው ሐሳብ ያልቃል፣ ከዚያ የጠያቂው ይከተላል፤ ነገሩን የማይለውጥ «እሺ» እና «አሃ» ጭራሽ ይወጣሉ። በ«እንትን» ላይ ግን ጥንቃቄ እጠይቃለሁ። ተናጋሪው «እንትንን አሰሩት» ሲል ስሙ ጠፍቶት ሊሆን ይችላል፤ ስሙን መጥራት አልፈለገም ይሆናል። ገልባጩ ስሙን ቢያውቀው እንኳ መተካት የእሱ ድርሻ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ጽዳት በኋላ በታተመው ገጽ ላይ የሚቀሩት ቅንፎች ጥቂት ናቸው፤ ትርጉሙ በእነሱ ላይ የተንጠለጠለባቸው ብቻ። ለአዛውንቱ ጉዳይ ማስረጃ ካልተገኘና እሳቸውንም መልሶ መጠየቅ ካልተቻለ፣ አንባቢው የሚያየው ይህን ይሆናል፦ «ታላቅ ወንድሜ በየሳምንቱ ይመታ ነበር [መቺ ይሁን ተመቺ ከቅጂው አይለይም]። እኔማ ገና ልጅ ነበርኩ።» የጠያቂው «እርስዎን?» እና የተናጋሪው ትንፋሽም በመካከላቸው በቦታቸው ይቆያሉ።