«ሳይሆን አይቀርም» ከየትኛው ወገን ነው? በመግቢያ ሎጂክ ስለ ዲዳክቲቭና ኢንዳክቲቭ ሙግት አስተማመር

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ገቢ ተማሪዎች ሎጂክንና ሂሳዊ አስተሳሰብን በጋራ ኮርስነት ይማራሉ። ከሐራ፣ ከመርሳ ወይም ከሌላ የሰሜን ወሎ አካባቢ ተነስቶ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪም ሆነ አዲስ አበባ የሚመደብ ባልንጀራው ገና በመጀመሪያው ዓመት ሙግቶችን ዲዳክቲቭና ኢንዳክቲቭ ብሎ እንዲለይ ይጠየቃል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የአለያየቱ መንገድ ደግሞ ከአሜሪካዊው ፓትሪክ ኸርሊ የመግቢያ ሎጂክ መጽሐፍ የተቀዳ ነው፤ በሙግቱ ውስጥ ያሉ ጠቋሚ ቃላት፣ መነሻው ለመደምደሚያው የሚሰጠው ድጋፍ ጥንካሬ፣ እና የሙግቱ ዓይነት ይታያሉ። በእንግሊዝኛ ለሚያስብ ሰው ይህ ቅደም ተከተል ብዙ አያስቸግርም። በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ለሚፈተን ተማሪ ግን የመጀመሪያው ምልክት፣ ማለትም ቃሉ፣ ብዙ ጊዜ ከመንገድ ያስወጣዋል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ቃሉ መጨረሻ ላይ እንዲታይ፣ በድጋፉ ላይ የሚደረገው ፈተና ደግሞ ፊት እንዲቀድም ነው።

ከቃላቱ በፊት ግን ስያሜውን እንመልከት፤ ችግሩ ከዚያ ይጀምራልና። በአማርኛ ዲዳክቲቭን «ከጥቅል ወደ ዝርዝር»፣ ኢንዳክቲቭን «ከዝርዝር ወደ ጥቅል» እያሉ መፍታት የተለመደ ነው። አፈታቱ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ አርስቶትል ራሱ ኢንዳክሽንን ከነጠላ ነገሮች ወደ አጠቃላይ የሚደረግ ጉዞ አድርጎ ገልጾታል። ዛሬ በሎጂክ ክፍል ለሚሰጠው ልዩነት ግን አይበቃም። «መርሳ በሀብሩ ወረዳ ናት፤ ሀብሩ ወረዳ በሰሜን ወሎ ዞን ነው፤ ስለዚህ መርሳ በሰሜን ወሎ ናት» የሚለው ሙግት ስለ አንዲት ከተማ ጀምሮ ስለዚያችው ከተማ ይጨርሳል። አንድም ጥቅል ሕግ የለበትም፤ ሆኖም ዲዳክቲቭ ነው። አንድ አባት ሦስት ልጆች ብቻ አሉት እንበል፤ ትልቁ ተማሪ ነው፣ መካከለኛዋ ተማሪ ናት፣ ትንሹም ተማሪ ነው። «ስለዚህ ልጆቹ ሁሉ ተማሪዎች ናቸው» ብንል ከዝርዝር ወደ ጥቅል ወጥተናል፤ ሙግቱ ግን አሁንም ዲዳክቲቭ ነው፤ «ብቻ» የምትለው ቃል በሩን ዘግታዋለች። በአንጻሩ «እስከ ዛሬ ያየናቸው የበልግ ዝናቦች ሁሉ ዘግይተዋል፤ ስለዚህ የዘንድሮውም ይዘገያል» የሚለው ከጥቅል አነጋገር ወደ አንድ ዓመት ወርዶም ኢንዳክቲቭ ነው። የጉዞው አቅጣጫ የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። መጠየቅ ያለበት መነሻዎቹ እውነት ቢሆኑ መደምደሚያው ሐሰት የሚሆንበት መንገድ ይኖራል ወይ የሚለው ነው። መንገዱ ፈጽሞ ከተዘጋ ድጋፉ ዲዳክቲቭ ነው። ክፍት ሆኖ በጣም የጠበበ ከሆነ ጠንካራ ኢንዳክቲቭ፣ ወለል ብሎ ከተከፈተ ደግሞ ደካማ ኢንዳክቲቭ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ። እንግሊዝኛው «የግድ» እና «በእርግጥ» የሚሉትን የዲዳክቲቭ፣ «ምናልባት» እና «ይመስላል» የሚሉትን የኢንዳክቲቭ ምልክት አድርጎ ያስተምራል። አማርኛ ግን ግምትን የሚናገርበት ዋነኛ አገላለጹ «ሳይሆን አይቀርም» ነው። ቃል በቃል ካየነው ከዚህ የበረታ አነጋገር አይገኝም፤ አሉታን በአሉታ አፍርሶ አለመሆንን የከለከለ ይመስላል። «አውቶቡሱ ከመርሳ ከተነሳ አንድ ሰዓት ሆኖታል፤ መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ወልድያ ሳይገባ አይቀርም» የሚል ሰው ግን መኪናው አለመግባቱ አይቻልም እያለ አይደለም። ጎማ ሊፈነዳ፣ ሹፌሩ ሲሪንቃ ላይ ተሳፋሪ ሊጠብቅ እንደሚችል ያውቃል። «መግባት አለበት» ቢልም ያው ነው፤ «አለበት» ግዴታ የሚመስል ግምት ነው። ጠቋሚ ቃል ፈልግ የተባለ ተማሪ በሁለቱም ላይ የግድ የሚል ትርጉም አንብቦ ዲዳክቲቭ ብሎ ይጽፋል። ስህተቱን እንደ ስንፍና ማየት አይገባም፤ የተሰጠውን መመሪያ በታማኝነት ተከትሎ ነው የሳተው።

የተገላቢጦሹም አለ፤ እንዲያውም ይህኛው ይበልጥ ይሸሸጋል። በገበያ ቀን አንድ ወጣት ለአንድ አዛውንት ነጋዴ ማሽላ ያስጭናል እንበል። ጆንያዎቹ 20 ናቸው፤ እያንዳንዱ ተመዝኖ 100 ኪሎ ሆኗል። ነጋዴው 19 ኩንታል ነው ብለው ሲከራከሩ ወጣቱ «ጋሼ፣ ምናልባት 20 ኩንታል ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ሒሳቡ ምንም ምናልባት የለበትም፤ ሃያ ጊዜ መቶ ሁለት ሺህ ኪሎ ነው፣ ያም 20 ኩንታል ነው። ምናልባቱ የመጣው ከአክብሮት ነው። ታላቅን ፊት ለፊት ተሳስተዋል ማለት ስለሚከብድ ልጁ እርግጠኛውን ነገር በግምት ልብስ ሸፍኖ አቀረበው። በቃሉ ከሄድን ይህን ጥብቅ ዲዳክቲቭ ሙግት ኢንዳክቲቭ እንለዋለን፤ ከላይ ያለውን የአውቶቡስ ግምት ደግሞ ዲዳክቲቭ። አንድ መሣሪያ ሁለቱንም አገላብጦ ካሳየ ለጀማሪ የሚሰጥ የመጀመሪያ መሣሪያ ሊሆን አይገባም።

እዚሁ ገበያ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ሁለቱም ዓይነት በአንድ ክምር ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉና። ገዢው የክብደቱን ሙግት ከጨረሰ በኋላ ስለ ጥራቱ ይሟገታል። አምስት ጆንያ ፈትቶ ከእያንዳንዱ አፍ አንድ አንድ እፍኝ ያወጣል፤ እህሉ ንጹህ ነው፤ ስለዚህ ሃያውም ንጹህ ነው ይላል። ይህ ኢንዳክቲቭ ነው፤ ያላየውን ባየው ለክቷልና። አሁን በሁለቱም ሙግቶች ላይ አዲስ መረጃ እንጨምር። «እህሉ ከሁለት ጎተራ የተቀላቀለ ነው» ቢባል የጥራቱ ሙግት ወዲያው ይላላል፤ የተፈተሹት አምስቱ ከአንደኛው ጎተራ ብቻ የተሞሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ከአፉ ይልቅ ከመሃልና ከሥር ተዝቆ ታየ ቢባል ደግሞ ይጠነክራል። ከነበሩት መነሻዎች አንድም ሳይነካ የድጋፉ መጠን ወጣ ወረደ። የክብደቱን ሙግት ግን እንዲህ ማድረግ አይቻልም። ጆንያዎቹ 20 እስከሆኑና እያንዳንዱ 100 ኪሎ እስከሆነ ድረስ ምንም ዓይነት ተጨማሪ ወሬ ከ20 ኩንታል አያወርደውም። «ሚዛኑ የተበላሸ ነው» ቢባልስ? ይህ የሚያናጋው መነሻውን ነው፤ እያንዳንዱ 100 ኪሎ ነው የተባለውን እንድንጠራጠር ያደርገናል። ከመነሻው ወደ መደምደሚያው ያለው ማሰሪያ ግን እንዳለ ነው። ተማሪ ሁለት ጥያቄዎችን፣ ማሰሪያው ይይዛል ወይ እና መነሻው እውነት ነው ወይ የሚሉትን፣ እዚህ ላይ ካልለያየ ቀጥሎ የሚመጣው ትምህርት ሁሉ ይደበላለቅበታል። በተበላሸ ሚዛን የተደመረ ሒሳብ የሎጂክ ጉድለት የለበትም፤ ገዢው ግን ይከስራል።

አንድ መምህር እንዲህ ሊሞግት ይችላል፦ ለጀማሪ ቀለል ያለ መንገድ ያስፈልጋል፤ ቃሉ ቢያስትም የሙግቱን ዓይነት ማየት ይበቃል፤ ሒሳብና ትርጓሜ ዲዳክቲቭ፣ ትንበያና ናሙና ኢንዳክቲቭ ናቸው ብሎ ማስተማር ይቻላል። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ እንደሚያገለግል አልክድም። ግን ትንበያ የሚለውን ብቻ እንፈትሽ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ጨረቃ ፀሐይን በቀለበት ቅርጽ ጋርዳ ላሊበላ ላይ ታይታለች። ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ስሌቱ ከጨረቃና ከምድር የእንቅስቃሴ ሕግጋትና ከአቀማመጣቸው ተነስቶ ይሠራል፤ መነሻዎቹ እውነት ከሆኑ ግርዶሹ በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ከመሆን ሌላ አማራጭ የለውም። ስለዚህ ትንበያ ሆኖም ዲዳክቲቭ ነው። ሕግጋቱ ራሳቸው ግን የተገኙት በረጅም ዘመን ምልከታ፣ ማለትም በኢንዳክቲቭ መንገድ ነው። በዚያው ጠዋት «ግርዶሹን በግልጽ እናየዋለን» ያለ ሰው ደግሞ ሌላ ሙግት ጀምሯል፤ ወሩ ሰኔ ነው፣ ደመና ሊመጣ ይችላል። አንድ ሰማይ፣ አንድ ጠዋት፣ ሁለት ዓይነት ትንበያ። ዝርዝሩን የሸመደደ ተማሪ ሁለቱን በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል።

ከዚህ የከበደ ተቃውሞም አለ። ኸርሊም ሆነ ብዙ የመግቢያ መጻሕፍት ልዩነቱን የሚያስቀምጡት ተሟጋቹ ይደግፋል ብሎ በሚያቀርበው መጠን ነው፤ ተሟጋቹ የሚያቀርበው ደግሞ በቃሉ ነው፤ ቃሉን ካባረርን አሳቡን በምን እናውቃለን? እውነት አለው። የአውቶቡሱ ተናጋሪ «በምንም ተአምር ሊዘገይ አይችልም፣ ገብቷል» ብሎ ችክ ቢል፣ ልክ ያልሆነ ዲዳክቲቭ እንጂ ጠንካራ ኢንዳክቲቭ አላቀረበም ማለት እንገደድ ይሆናል። ለዚህም ነው አንዳንድ ሎጂከኞች ዲዳክቲቭና ኢንዳክቲቭ የሙግት ዓይነቶች ሳይሆኑ የመመዘኛ ዓይነቶች ናቸው የሚሉት፤ አንድን ሙግት በሁለቱም ሚዛን አስቀምጦ የትኛውን እንደሚያልፍ ማየት ይቻላል። ለእኔ ይህ አቋም የተሻለ ነው፤ በተለይ ለአማርኛ። የተናጋሪውን አሳብ ከቃሉ መገመት ሲያስቸግር በመጀመሪያ በጥብቁ ሚዛን እንመዝነው፤ ካላለፈ በላላው። ከዚያ በኋላ ተናጋሪው ከሚገባው በላይ እርግጠኛ መስሎ ከሆነ ያን ለብቻው እንደ ጉድለት እንመዝግብበት። ቃሉ እዚህ ላይ ይመለሳል፤ ግን እንደ ምስክር እንጂ እንደ ዳኛ አይደለም።

የቀረው ችግር ፈተናው ራሱ ነው። መነሻዎቹ እውነት ሆነው መደምደሚያው ሐሰት የሚሆንበትን ሁኔታ አስቡ ስንል፣ ማሰብ አለመቻል ሊሆን ካለመቻል ጋር እንዳይምታታ ያሰጋል። ሐራ ገበያ ላይ ያደገ ልጅ የገበያ ቀን ያለ ግመል ሲውል አይቶ የማያውቅ ከሆነ «ነገ ገበያ ነው፤ ስለዚህ ነገ ግመል ይመጣል» የሚለውን ዲዳክቲቭ ሊለው ይችላል፤ ሌላ ሁኔታ አልታየውምና። ስለዚህ ተማሪው አይቶ እንደሆነ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ይልቅ አጭር ታሪክ እንዲጽፍ ይደረግ፦ መነሻዎቹን ሳይነካ መደምደሚያውን የሚያፈርስ ታሪክ። የግመሉ ታሪክ በሦስት መስመር ያልቃል፤ ወደ አፋር የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር፣ ገበያው ግን ዋለ። የመርሳው ታሪክ ግን አይጻፍም። መርሳን ከሰሜን ወሎ ለማስወጣት የሞከረ ተማሪ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ወይ መርሳን ከሀብሩ፣ ወይ ሀብሩን ከዞኑ አውጥቶ ያገኘዋል፤ ማለትም ከመነሻዎቹ አንዱን ሰርዟል። ብዕሩ የቆመው ሐሳብ ስላለቀበት ነው ወይስ መነሻው ስለከለከለው የሚለውን መምህሩ ከተሰረዘው መስመር ላይ ማንበብ ይችላል።