ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ

ስለ ቁጠባ የሚጻፍ የሬዲዮ ድራማ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በምክር ነው። አንዱ አባካኝ፣ ሌላው መካሪ ይሆናል፤ መካሪው አንድ ገጽ ሙሉ ይናገራል፤ አድማጩም ጣቢያ ይቀይራል። ለሆሳዕናና ለአካባቢዋ የሚጽፍ ደራሲ ግን ከዚህ የሚያመልጥበት መንገድ አለው፤ ሰዎቹ ሁለት ቋንቋ ይናገራሉ። ቤት ውስጥ ሀዲይሳ፣ ባንክና መሥሪያ ቤት አማርኛ። ቋንቋው የሚቀየርበትን ቦታ አስቦ የመረጠ ደራሲ ምክሩን ሁሉ ሊሰርዘው ይችላል።

ሙያው እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ ትዕይንት እናዋቅር። ቁጠባውን ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም። በሀዲያ ወንዶች ለያሆዴ በዓል በሬ መግዣ በቱታ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶች ደግሞ በዊጆ ቅቤ። ቱታው አሥር አባላት አሉት፣ በሬው 60,000 ብር ያወጣል እንበል። የአንድ ሰው ድርሻ 6,000 ብር፣ በወር 500 ብር ነው። ነገ የመክፈያው ቀን ነው። ማታ አንድ ነጋዴ ጃኬት ይዞ ይመጣል። ሀዲይሳ አይሰማም። ባልየው ጃኬቱን ወዶታል።

ሚስት ብሩን አውጥታ ትቆጥራለች፤ ባለ መቶ ብር ኖቶች ናቸው። በድርሰቱ ላይ የሚሰፍረው ይህ ብቻ ነው፦ የወረቀት ድምፅ፤ «ማቶ»፤ የወረቀት ድምፅ፤ «ላሞ»፤ የወረቀት ድምፅ፤ «ሳሶ»፤ ዝምታ።

ሀዲይሳ የማያውቅ አድማጭም ይህን አያጣውም። የቃሉና የወረቀቱ ምት መቁጠር መሆኑን ይነግረዋል፤ ሦስት ጊዜ ይሰማና ይቋረጣል። ወሩ 500 ብር መሆኑ ቀደም ባለው ትዕይንት ተነግሮ ከነበረ፣ ሁለት መቶ መጉደሉን ራሱ ይደርስበታል። ደራሲው ከሦስቱ በኋላ «ሁለት ጎደለ» ቢያሰኛት ኖሮ አድማጩ የሚሠራው ሥራ አይተርፈውም ነበር። በከምባታ በኩል ዱራሜ ላይ ሆኖ የሚሰማውም አይቸገርም፤ ሀዲይሳና ከምባትሳ ተዛማጅ ቋንቋዎች በመሆናቸው እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከጥቂት የድምፅ ልዩነት በቀር አንድ ናቸው። አራት ላይ ግን ይለያያሉ። ቆጠራው ሦስት ላይ መቆሙ እንግዲህ ለታሪኩም ለአድማጩም ይጠቅማል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቋንቋ ለውጥ ነው። ባልየው በአማርኛ፣ ወደ ነጋዴው ዞሮ፣ «ጃኬቱን ተወው፣ ቀብዱን ሰጥቼህ የለ፤ ቀሪውን ሰሞኑን» ይላል። ሁለቱ መቶ የት እንደገባ የምትሰማው ሚስት አሁን ናት፤ አድማጩም አብሯት ይሰማል። እስከዚህ ድረስ ሀዲይሳው የባልና ሚስት ጉዳይ ነበር፤ ነጋዴው ውጭ ነው። እሷ ግን በሀዲይሳ አትመልስም። በአማርኛ፣ ለነጋዴው፣ «ጋሼ፣ ጃኬቱን ይውሰዱት፤ ቀብዱን ይመልሱልን። የቱታ ብር ነው» ትላለች። ባሏን አልተሳደበችም፣ አልመከረችውም። ጉዳዩን ነጋዴው በሚሰማው ቋንቋ መናገሯ ብቻ ባልየው ሊያፈገፍግ የማይችልበት ምስክር አቆመበት። ይህችኑ ዓረፍተ ነገር በሀዲይሳ ብትላት የቤት ጭቅጭቅ ትሆናለች፤ ነጋዴውም ቀብዱን ይዞ ይሄዳል።

ቁጥርም እንዲሁ በጥንቃቄ ይገባል። በየወሩ 200 ብር ቢጎድል በዓመት 2,400 ብር ይሆናል፤ ጆሮ ግን ይህን አይዝም። ጎበዝ ደራሲ በኋላ በቱታው ሰብሳቢ አፍ እንዲህ ያስብለዋል፦ «አምስት ወር ምንም እንዳላዋጣህ ቁጠረው።» ስሌቱ ከሞላ ጎደል ትክክል ነው፣ አድማጩም ወር ያውቃል።

ባልየው ክፉ አለመሆኑም የሥራው አካል ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች የተላለፈው የሬዲዮ ድራማ «የቀን ቅኝት» በሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ ስልት የተሠራ ነበር፤ በዚያ ስልት ከደጉና ከክፉው በተጨማሪ የሚወላውል ሰው አለ፤ አድማጩ ራሱን የሚያየው በእሱ ነው። የእኛም ባል የሚወላውለው እሱ ነው፤ የሚወላውለውም በሁለት ቋንቋ ነው።

የዚህ ዓይነት ድርሰት የሚወድቅበት ቦታ ይታወቃል። ፈሪ ደራሲ እያንዳንዱን የሀዲይሳ ንግግር ወዲያው በአማርኛ ያስደግመዋል፤ ሁለቱንም የሚያውቀው ይሰለቻል፣ ሰዎቹም አስተርጓሚ ይመስላሉ። ሌላው ደግሞ ለማሳመሪያ ብሎ ሰላምታውን ብቻ በሀዲይሳ ይጽፍና ቁም ነገሩን ለአማርኛ ይተወዋል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ሀዲይሳውን በወረቀት ሸፍኖ ማንበብ። ታሪኩ ካልተያዘ ለአንድ ቋንቋ ተናጋሪው መንገድ አልተከፈተለትም ማለት ነው፤ ምንም ካልጎደለ ደግሞ የተሸፈነው ሁሉ ትርፍ ነበር። ከላይ ባለው ትዕይንት ቆጠራውን ብንሸፍነው ባልየው ጃኬት መግዛቱና ሚስቱ መከልከሏ ይገባናል፤ ስንት እንደጎደለና ጉድለቱ እንዴት እንደታወቀ ግን ይጠፋል። በሁለት ቋንቋ ለተጻፈ ድራማ ትክክለኛው መጠን ይህ ነው።