በምን ላጉላው?

ከእኛ ጋር ሥራ የጀመረችው ልጅ ባለፈው ሳምንት «ጋሼ፣ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ታዲያ ዋጋውን በምን ላጉላው?» አለችኝ። በሰሚት ኮንዶሚኒየም የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ ለቴሌግራም ቻናላችን ጽፋለች። አናቱ ላይ 🔥🔥🔥 URGENT!!! ይላል። ከሥሩ ዘጠኝ መስመር አለ፤ ሁሉም በ✅ ይጀምራል፤ በየመሃሉም አንድ አንድ ባዶ መስመር ገብቷል።

በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደል የምንጮኸው በራሳችን ፊደል መጮኽ ስለማይቻል ነው። ተከራይ ግን ያንን ጩኸት የሚያውቀው ቤት ሳያሳይ ቀብድ ከሚጠይቅ ሰው ነው። ስለዚህ ሳያነበው ያልፋል።

እኔ ለዓመታት የምከራከረው አንድ ነገር ነው፦ በአማርኛ ማስታወቂያ ትልቁ ፊደል ቦታ ነው። ቴሌግራም የቻናሎቹን ዝርዝር ሲያሳይ መስመሮቹን አያይዞ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቃላት ብቻ ያወጣል። እዚያ ሦስት እሳት ከተቀመጠ ሰፈሩም ዋጋውም ተደብቋል ማለት ነው። አብረን እንዲህ አደረግነው፦

```
ሰሚት፣ ባለ 2 መኝታ፣ 25,000 ብር
3ኛ ፎቅ። ውሃ በሳምንት 2 ቀን ይመጣል፤ ታንከር አለው።

ቅድመ ክፍያ የ2 ወር።

📞 09…
```

ባዶ መስመር የገባው ወሬው በሚቀየርበት ቦታ ብቻ ነው፦ ቤቱ፣ ውሉ፣ ስልኩ። በየመስመሩ ሲገባ ማስታወቂያው ይረዝምና ስልኩ ከስክሪኑ ይወርዳል፤ ፌስቡክ ላይ ደግሞ ጭራሽ ይታጠፋል። ኢሞጂ የተውነው አንድ ነው፤ አንባቢ ሊደውል ሲመለስ ዓይኑ የሚፈልገው ስልኩን ስለሆነ። ✅ን ያወጣሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው። «✅ ውሃ» ብላ ነበር። ምልክቱ «አለ» ይላል፤ ሁለት ቀን ብቻ መሆኑን አይናገርም። ተከራዩ ገብቶ ሲያውቀው የሚወቅሰው እኛን ነው።

አንድ ዓይነ ስውር ደንበኛ አለኝ፤ ስልኩ ጮክ ብሎ ያነብለታል። የኢሞጂውን ስም አንድ በአንድ ስለሚጠራለት፣ የአንዳንዱን ደላላ ማስታወቂያ ቁጥሩ ጋ ሳይደርስ እንደሚዘጋው ነግሮኛል። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ሁሉ ሳልለጥፍ ለራሴ ጮክ ብዬ አነባለሁ።

ይህን ሥራ የጀመርኩት መብራት እንጨት ላይ ወረቀት በመለጠፍ ነው። በእስክሪብቶ ስጽፍ ወረቀቷ ትንሽ ስለነበረች የሚቀረውን መምረጥ ግዴታዬ ነበር። ያኔ መንገደኛ ቆሞ ሲያነብ ከማዶ እመለከት ነበር፤ ዛሬ ፊቱን ስለማላይ የማዳምጠው የደዋዩን የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። «ቤቱ የት ነው?» ካለ አላነበበም። ልጅቷ የለጠፈችውን አይቶ የደወለው ሰው «ታንከሩ ስንት ሊትር ይይዛል?» አለ። ስልኩን ለእሷ ሰጠኋት።