ጥያቄው ዓላማውን ይጠይቃልን?
ከአንድ የኬሚስትሪ ምዕራፍ ስለሚወጡ መልመጃዎች የቀረበ ሂስ

የኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ተማሪው ምዕራፉን ሲፈጽም ሊያደርገው የሚገባውን ነገር በምዕራፉ መጀመሪያ ላይ በዝርዝር ያስቀምጣሉ። አስተማሪ ወይም ትጉህ ተማሪ ደግሞ ከዚያው ምዕራፍ የመልመጃ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው አውጥቶ ያባዛል። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት ነው፤ ይኸውም የተባዛው ጥያቄ የተጻፈውን ዓላማ በእርግጥ ይጠይቃል ወይስ በአጠገቡ ያልፋል የሚለው ነው።

ለምርመራው የመረጥሁት ስለ ኬሚካል ስሌት ከሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ፥ ቀድሞ ስለሚያልቀው ንጥረ ነገር፥ በተለምዶ ሊሚቲንግ ሪአክታንት ስለሚባለው የሚያትተውን ክፍል ነው። የክፍሉ ዓላማዎች ወደ አራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። ተማሪው በመጀመሪያ የስሙን ትርጉም ይሰጣል፤ ሁለተኛ፥ ከተሰጠው ክብደት ተነሥቶ የትኛው ንጥረ ነገር ቀድሞ እንደሚያልቅ ይወስናል፥ የሚገኘውንም ምርት ያሰላል፤ ሦስተኛ፥ የምርቱን መቶኛ ያሰላል፤ አራተኛ፥ በተግባር የተገኘው ምርት ከስሌቱ ለምን እንደሚለይ ያስረዳል።

አሜሪካዊው ሮበርት ሜገር በ1962 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ስለ ትምህርት ዓላማ አጻጻፍ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ዓላማ ተማሪው የሚፈጽመውን ተግባር በሚታይ ግሥ መናገር እንዳለበት አስተምሯል። እንግዲህ የጥያቄ አውጪው የመጀመሪያ ሥራ ይህን ግሥ መጠበቅ ነው። በመልመጃ ወረቀቶቻችን ግን «በተትረፈረፈ ክሎሪን ውስጥ 27.0 ግራም አሉሚኒየም ቢቃጠል ስንት ግራም አሉሚኒየም ክሎራይድ ይገኛል?» የሚል ጥያቄ በሁለተኛው ዓላማ ሥር ተመድቦ ይገኛል። «በተትረፈረፈ» የሚለው አንድ ቃል ውሳኔውን ከተማሪው እጅ ወስዶታል። የቀረው ሥራ ቀደም ባለው ክፍል የተማረው ተራ ስሌት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ትክክል ቢሆንም ቦታው አይደለም።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ምክንያቱም የሚገኘው በቃሉ ሳይሆን በቁጥሩ ውስጥ ነው። እንዲህ የሚል ጥያቄ እናስብ፦ «28.0 ግራም ናይትሮጂን ከ3.0 ግራም ሃይድሮጂን ጋር ተዋሕዶ አሞኒያ ቢሠራ ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው ነው?» እኩልዮሹ N₂ + 3H₂ → 2NH₃ ነው። ናይትሮጂኑ 1.0 ሞል ስለ ሆነ 3.0 ሞል ሃይድሮጂን ይሻል፤ ያለው ግን 1.5 ሞል ብቻ ነው። ስለዚህ መልሱ ሃይድሮጂን ነው። ነገር ግን «በክብደት የሚያንሰው ቀድሞ ያልቃል» ብሎ የሚያምን ተማሪም አንዲት መሥመር ሳያሰላ ሃይድሮጂን ይላል፤ እርማቱም ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለው መልመጃ ስሕተቱን ከማረም ይልቅ ያጸናዋል።

መድኃኒቱ ቁጥሩን የተሳሳተው ደንብ ወደ ተሳሳተ መልስ እንዲወስድ አድርጎ መምረጥ ነው። በተማሪዎች ዘንድ የሚታወቁት የተሳሳቱ ደንቦች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ክብደቱ ያነሰው ያልቃል የሚል፥ ሌላው ሞሉ ያነሰው ያልቃል የሚል ነው። ሁለቱንም ባንድነት የሚያጋልጥ ምሳሌ እነሆ፦ 27.0 ግራም አሉሚኒየምና 85.2 ግራም ክሎሪን፥ በ2Al + 3Cl₂ → 2AlCl₃ መሠረት። አሉሚኒየሙ 1.00 ሞል፥ ክሎሪኑ 1.20 ሞል ነው። ክሎሪኑ በክብደትም በሞልም ይበልጣል፤ ሆኖም 1.00 ሞል አሉሚኒየም 1.50 ሞል ክሎሪን ስለሚፈልግ ቀድሞ የሚያልቀው ክሎሪን ነው። ምርቱ 0.800 ሞል፥ ማለት 106.8 ግራም ይሆናል።

ይሁን እንጂ «የበዛው ያልቃል» የሚል ተማሪ እንዳያመልጥ ይህ ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ያንኑ 27.0 ግራም አሉሚኒየም ከ142.0 ግራም ክሎሪን ጋር አድርጎ መጠየቅ ያሻል፤ ክሎሪኑ 2.00 ሞል ስለ ሆነ አሁን ቀድሞ የሚያልቀው አሉሚኒየም ነው። ሁለቱን አከታትሎ በትክክል የመለሰ ተማሪ ከእኩልዮሹ ጋር ማመዛዘንን ያውቃል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከዚህ በኋላ የመልስ ቁልፉ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ቁልፉ «106.8 ግራም» ብሎ ያበቃል። ግን 133.5 ግራም ብሎ የመለሰ ተማሪ የት ተሳሳተ? አሉሚኒየም ቀድሞ ያልቃል ብሎ ሊሆን ይችላል። ወይም የክሎሪንን ሞል ሲያሰላ በ71.0 ፈንታ በ35.5 አካፍሎ 2.40 ሞል አግኝቶ ይሆናል፤ በዚህም ቁጥር ቢሄድ አሉሚኒየም የሚያልቅ ይመስለዋል፥ ምርቱም ያው 133.5 ይሆናል። አንዱ የሐሳብ ስሕተት ነው፤ ሌላው ክሎሪን በጋዝነቱ ሁለት አቶም መሆኑን መርሳት ነው። የመጨረሻው ቁጥር ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ ቁልፉ ሞሎቹን፥ ማመዛዘኑንና ምርቱን በየደረጃው ማሳየት አለበት። ማረጋገጫም ሊጨምር ይገባል፤ 0.200 ሞል ወይም 5.4 ግራም አሉሚኒየም ይተርፋል፥ 106.8 ሲደመርበትም 112.2 ግራም፥ ልክ መጀመሪያ የገባው ክብደት ይሆናል። ተማሪው ይህን ከለመደ 133.5 ግራም ከገባው ስለሚበልጥ የማይቻል መሆኑን ራሱ ይደርስበታል።

በሦስተኛው ዓላማ ላይ የሚታየው ጉድለት ጥያቄዎችን እንደ ሰንሰለት ማያያዝ ነው። «በተግባር 96.1 ግራም ቢገኝ መቶኛው ስንት ነው?» ሲባል ትክክለኛው መልስ 90.0 ነው፤ ከላይ 133.5 ያለው ተማሪ ግን 72.0 ያገኛል። መቶኛ ማስላትን አሳምሮ ያውቃል፤ ሆኖም በአንድ ስሕተት ሁለት ጊዜ ይቀጣል፥ እኛም ሦስተኛውን ዓላማ አልተማረም ብለን እንደመድማለን። ስለዚህ የስሌቱ ምርት በጥያቄው ውስጥ ቢሰጥ፥ አለዚያም ቁልፉ 72.0ን «ከቀደመው መልሱ ጋር ይስማማል» ብሎ ቢቀበል ይሻላል።

አራተኛው ዓላማ «ያስረዳል» የሚል ሲሆን በወረቀቶቹ ላይ ብዙ ጊዜ «እውነት ወይም ሐሰት» ሆኖ ይቀራል። ማስረዳትን የሚጠይቅ እንዲህ ያለ ነው፦ «ከላይ በተጠቀሰው ሥራ ፍጻሜ በዕቃው ውስጥ ያለው ጠጣር ሲመዘን 110.0 ግራም ሆነ፤ ይህ የስሌቱ 103.0 በመቶ ነው። እንዴት ሊሆን ቻለ?» የቁልፉ ጸሐፊ እዚህ ላይ አንድ መልስ ብቻ ቢጽፍ ይሳሳታል። አሉሚኒየም ክሎራይድ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የተረፈው አሉሚኒየምም ከምርቱ ጋር ተመዝኖ ሊሆን ይችላል፥ እርሱም እስከ 5.4 ግራም ስለሚደርስ ልዩነቱን ብቻውን ይሸፍናል። ሁለቱም ይቀበላሉ። «ሚዛኑ ተሳስቶ ነው» ብቻ የሚል መልስ ግን ምክንያቱን ስለማያስረዳ ነጥብ አያሰጥም፤ ይህም በቁልፉ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ሁለት አራሚዎች አንዱን መልስ በሁለት ልክ ያርሙታል።

እንግዲህ በአንድ ምዕራፍ ክፍል ላይ ይህን ያህል ከተገኘ፥ የሂሱ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በጥያቄው ግርጌ «ዓላማ 2» ብሎ መጻፍ ጥያቄውን ከዓላማው ጋር አያገናኘውም። የሚያገናኘው፥ ዓላማውን ያልደረሰበት ተማሪ ያን ጥያቄ መልሶ ሊያልፍ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ጥያቄ አውጪው ወረቀቱን ከማባዛቱ በፊት እያንዳንዱን ጥያቄ አንድ ጊዜ ባወቀው ደንብ፥ አንድ ጊዜም ሆነ ብሎ በተሳሳተው ደንብ ይሥራው። ሁለቱ መንገዶች አንድ መልስ ላይ ከደረሱ መለወጥ ያለበት ቁጥሩ ነው።