ቀብድ ያልተከፈለበት ምዕራፍ

“ጋሼ፣ ጠቡን ወደ መጀመሪያው ገጽ ላምጣው?” አለኝ ልጁ፣ ሻያችን እንኳ ሳይቀርብ። ከሲኒማ ራስ ወረድ ብላ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠናል። ረቂቁን በፌስታል ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጎታል። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ነው። በርበሬ ተራ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ ታሪኩም የሚሆነው እዚያው ነው። አንድ የበርበሬ ነጋዴ ይሞታል። ከቀብሩ በኋላ ማንም የማያውቀው ሰው ወረቀት ይዞ ይመጣና “የሱቁ ግማሽ የእኔ ነው” ይላል። ሁለት ወንድማማቾች በዚያ ወረቀት ይፋጃሉ።

ጥሩ ጠብ ነው። ነገር ግን ሰውየው ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ገጽ 35 ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው 34 ገጽ አንድ ምዕራፍ ሲሆን፣ ንጋቱን፣ የአይሱዙ መራገፍን፣ ተሸካሚዎቹን፣ የአባትየውን ያለፈ ሕይወትና የገበያውን ታሪክ ይዟል።

ረቂቁን ከእኔ በፊት ያየው አንድ የሙያ ባልደረባዬ ነበር። ፍርዱ አጭር ነው፦ 34ቱን ገጽ ጣልና ከ35 ጀምር። ከዚህ ሰው ጋር በዚሁ ጉዳይ ስንከራከር ዓመታት አልፈዋል። እሱ ጠብ የሌለበት ገጽ ሁሉ ትርፍ ነው ባይ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ምዕራፍ የሚንቀራፈፈው ጠቡ ስለዘገየ አይደለም፤ ቀብድ ስላልተከፈለ ነው እላለሁ።

እዚህ ገበያ ያደገ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዕቃው ገና መንገድ ላይ ሳለ ሻጭና ገዥ የሚተሳሰሩት በቀብድ ነው። ቀብድ ዋጋው አይደለም፤ ከዋጋው ትንሽ ቁራሽ ነው። ግን ቀብድ የወደቀበት ዕቃ ለሌላ አይሸጥም። አንባቢም ምሽቱን ሊሸጥልን የተቀመጠ ሰው ነው። ጠቡን ሙሉ በሙሉ በመጀመሪያው ገጽ ካላየሁ አይልም። ከጠቡ የተቆረሰች አንዲት ነገር እጁ ላይ ከገባች ግን ሠላሳ ገጽ ይጠብቃል። ካልገባች ሦስተኛው ገጽ ላይ ምሽቱን ለሌላ ይሸጠዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲመጣልኝ ቀይ እርሳስ ይዤ አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። አንድ ሰው ከሌላው የሚፈልገው ነገር ኖሮ፣ ሳይቋጭ ያደረበትን ቦታ ሁሉ ኅዳጉ ላይ አሰምርበታለሁ። መልክዓ ምድሩ ያምራል አያምርም፣ ቋንቋው ይፈሳል አይፈስም የሚለውን በዚህ ንባብ አላይም። በልጁ 34 ገጽ ውስጥ ያገኘሁት አራት መስመር ነው፦ ገጽ 9፣ 19፣ 27 እና 31። ሦስቱ ተራ ነገሮች ነበሩ። ገጽ 19 ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ አባትየው ትንሹን ልጅ ይጠራና የታሸገ ፖስታ ያስይዘዋል። ልጁ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ካለ አንድ ቤት አድርሶ ይመለሳል። “ለወንድምህ እንዳትነግረው” ይለዋል አባቱ። ይህ ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተነግሮ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያው ስለ ቆርቆሮ ጣሪያና ስለ ዝናብ አንድ ገጽ ተኩል ይቀጥላል።

“ይህን ለምን ጻፍከው?” አልኩት።

“ልጁ ለአባቱ ታማኝ መሆኑን ለማሳየት ነው።”

ፖስታው ውስጥ ያለው የዚያ ባለ ወረቀት ሰው ድርሻ ነው። ገጽ 35 ላይ የሚፈነዳው ጠብ በሙሉ እዚያች ፖስታ ውስጥ ታሽጎ ተቀምጧል። ደራሲው ቀብዱን በኪሱ ይዞ መክፈሉን ረስቷል። ጀማሪዎች ላይ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ የሚፈለገው ነገር ብዙ ጊዜ ረቂቁ ውስጥ አለ፣ የተቀመጠው ግን ማንም በማያየው ቦታ ነው።

ያደረግነው ይህ ነው። መጀመሪያ ንጋቱን ተውነውና ምዕራፉን ቅዳሜ ማታ አስጀመርነው፤ ፖስታው ገጽ 2 ላይ ከትንሹ ልጅ እጅ ገባ። ቀጥሎ በ34ቱ ገጽ ተበትኖ የነበረውን የገበያ ትርኢት መንገዱ ላይ አሰለፍነው። ልጁ ከበርበሬ ተራ እስከ ራጉኤል ሲሄድ የሚያየው እሱን ነው። ቀድሞ ቆሞ የነበረው ሥዕል አሁን ከወንድሙ የሚደበቅ ልጅ የሚያልፍበት መንገድ ሆነ። ተሸካሚው “ዞር በል!” ብሎ ሲጮህበት ልጁ መጀመሪያ የሚዳብሰው ደረት ኪሱን ነው። ያው ተሸካሚ በፊተኛው ረቂቅ ጌጥ ነበር።

ከዚያ ፖስታዋን ሁለት ጊዜ ብቻ መልሰን ነካናት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤቱ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ፖስታውን ይዞ ሲመለስ አባትየው እራት ሳይበላ ያድራል። ወደ ምዕራፉ መጨረሻ ደግሞ ታላቅ ወንድምየው ሒሳብ ሲያስታርቅ ገንዘብ ይጎድልበታል፤ ትንሹን ቀና ብሎ ያየዋል እንጂ ምንም አይለውም። እዚህ ድረስ የተጣላ ሰው የለም። ምዕራፉ 23 ገጽ ሆነ። የቀነስነው 11 ገጽ በአብዛኛው የአባትየው የልጅነት ታሪክ ነው፤ እሱን የሚጠይቅ ሰው በሌለበት ሰዓት የተነገረ ታሪክ ነበርና።

በመካከል ሁለት ጊዜ ተሳስተናል። አንድ ሳምንት ልጁ አዲስ መግቢያ ጽፎ መጣ፤ የአባትየውን ሞት ከምዕራፍ ሁለት አንስቶ በፊት አስቀምጦታል፣ ከሥሩም “ከሦስት ወር በፊት” ይላል። ይህ ሐሰተኛ ቀብድ ነው። ገና ስሙን የማላውቀው ሰው ቢሞት ምን ይሰማኛል? በሌላ ሳምንት ደግሞ ከፖስታዋ ቀጥሎ፣ ይህች ፖስታ አንድ ቀን ቤተሰቡን እንደምትበትን ማንም አላወቀም የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመረ። አሰረዝኩት። አንባቢው ራሱ ሊጠረጥር የጀመረውን ነገር ቀድሞ መንገር፣ ቀብድ ከፍሎ መልሶ መውሰድ ነው።

ባልደረባዬ እንዳለው ከገጽ 35 ብንጀምር ምን እናጣ ነበር? የረቂቁን ምርጥ አንቀጽ። አባትየው በርበሬ ሲገዛ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አይነካም። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ክንዱን እስከ ጆንያው ወገብ ይሰድና ከውስጥ አንድ ፍሬ ያወጣል። ጆሮው ሥር አድርጎ ይንጠዋል፤ የደረቀ እንደሆነ ዘሩ ይንኳኳል፣ ክብደት እንዲጨምር ውኃ የተርከፈከፈበት ከሆነ ዝም ይላል። ገጽ 35 ላይ ባለ ወረቀቱ ሰው ሱቁ ሲገባ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያቀርብ፣ ክንዱን ልክ እንደ ሟቹ አንዱ ጆንያ ውስጥ ይከታል። ታላቅ ወንድምየው ወረቀቱን ሳያነብ ደሙ የሚቀዘቅዘው ያኔ ነው። ያ እጅ ቀድሞ ካልታየ ይህ እጅ ምንም አይናገርም። ባልደረባዬን ይህን አንስቼ ስጠይቀው መልስ አላገኘልኝም።

እሱ ሁልጊዜ የሚጠቅስብኝ አፈወርቅ ገብረኢየሱስን ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው ልብ ወለድ ታሪክ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ በጦርነት ይጀምራል፤ አባት ይማረካል። እውነት ነው። ነገር ግን ታሪኩን ወደ ፊት የሚገፋው ጦርነቱ አይደለም። አባትየውን ማስለቀቂያ ገንዘብ የሰጠው ነጋዴ ነው፤ ልጁ ዋሂድ ከቤቱ የሚወጣው ያንን ውለታ ሊከፍል ነው። ጦርነቱ በጥቂት ገጽ ያልቃል፣ ዕዳው ግን ይቀራል።

እኔ በበኩሌ የማነሣው ሐዲስ ዓለማየሁን ነው። ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የተጀመረው በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ ፍቅር አይደለም። ማንኩሳ ነው የሚጀምረው፤ ቦጋለ መብራቱ ይመጣል፣ ባሎቿ ስለሞቱባት ሰው የሚፈራት ውድነሽ በጣሙ ትመጣለች፣ ይጋባሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ። ሰብለን ለማየት ብዙ ገጽ መጠበቅ አለብን። ነገር ግን ሕፃኑ በዛብህ ሲታመም፣ ከዳነ ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ይሳላሉ። ያ ስለት ነው ቀብዱ። ገና ሴት ምን እንደሆነች የማያውቅ ሕፃን በስለት ታስሯል፤ ወደፊት ዲማ ውስጥ ሰብለን ሲያስተምር በመካከላቸው የሚቆመው የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ብቻ አይደለም፣ ወላጆቹ የተሳሉት ስለትም ነው። ባልደረባዬ ይህን መጽሐፍ በረቂቁ ቢያገኘው ከዲማ አስጀምሩት ይል ነበር፤ ስለቱ አብሮ ይሄድ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እሱ የሚረታበት ጊዜ አለ። ቀዩ እርሳስ አንድም ቦታ ካላረፈ፣ ምዕራፉ ውስጥ የሚቆረስ ነገር የለም፤ ያኔ መጣል ነው። ቀብድም ቢሆን ለዘላለም አያቆይም። ልጁን ፖስታዋ ከሁለት ምዕራፍ በላይ ሳትከፈት እንዳትቆይ ብዬዋለሁ።

የታረመውን ምዕራፍ ሸማ ተራ ለምታውቀኝ አንዲት ነጋዴ፣ ገበያ በቀዘቀዘበት ከሰዓት፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ልብ ወለድ አንብባ አታውቅም፤ እኔን ለማስደሰት የሚያበቃ ምክንያትም የላትም። የፊተኛውን ረቂቅ ባነበብኩላት ጊዜ ስድስተኛው ገጽ ላይ ስልኳን አንሥታ ነበር። አሁን ቤቱ ተዘግቶ ልጁ ሲመለስ አቋረጠችኝና “ሰውየው ሌላ ሴት አለችው” አለች በቁርጠኝነት። ልጁ ይህን ስነግረው ደነገጠ፤ አንባቢ እንዲህ እንዲያስብ አልፈለገም። እኔ ግን ተወው አልኩት። ተሳስታም ቢሆን ጠርጥራለች፣ የጠረጠረ ሰው ደግሞ እስኪጣራለት አይሄድም።

ይህን ነገር ከትምህርት ቤት አልተማርኩትም። አባቴም በርበሬ ነጋዴ ነበር። ፍቅር እስከ መቃብር በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ፣ ሱቃችን ውስጥ ሚዛኑ አጠገብ በተቀመጠች አሮጌ ራዲዮ እንሰማ ነበር። አባቴ ማንበብ አይችልም። የሰጠውንም የተበደረውንም በቃሉ ይዞ ነው የኖረው፤ ከሞተ በኋላ የምናውቀውም የማናውቀውም ሰው እየመጣ “የአባታችሁ አለብኝ” እያለ ገንዘብ ቆጥሮልናል። ያኔ በራዲዮ የስለቱ ነገር ሲተረክ አባቴ የጆንያ አፍ እየሰፋ ነበር። መርፌውን አቆመና “ይሄ ይጠየቃል” አለ። እኔ ልጅ ስለነበርኩ አልገባኝም፤ ቶሎ ወደ ፍቅሩ ይደርስልኝ ብዬ እቁነጠነጥ ነበር።

ከስንት ሳምንት በኋላ እንደሆነ አላስታውስም፤ በዛብህ ከሰብለ ፍቅር ይዞት ሲጨነቅ፣ ማታ ነው፣ ሱቁን ልንዘጋ ስንል፣ አባቴ የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። ያቺ ከስንት ጊዜ በፊት የተነገረች ነገር ከአእምሮው አልጠፋችም ነበር። “መጣ” አለ። ቁልፉን በእጁ እንደያዘ እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ።