ሐተታውና ሠንጠረዡ ሲለያዩ

በጌዶ ከተማ ሳለሁ አንድ የጤና ሪፖርት ረቂቅ ለአስተያየት ቀርቦልኝ ነበር። መግቢያው በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ተመሥርቶ፣ «በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2011 48 በመቶ ደርሰዋል፤ ከቀድሞው 26 በመቶ ጋር ሲነጻጸር የ22 በመቶ ጭማሪ ነው» ይላል። ከገጹ ግርጌ ያለው ሠንጠረዥ ግን በ2011 9.9፣ በ2016 26.2፣ በ2019 ደግሞ 47.5 በመቶ ያሳያል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የዓመቱ ልዩነት ነው። ጸሐፊው የተጠቀሙት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ ሠንጠረዡ የአውሮፓውያኑን ይከተላል። የ2011 ዓ.ም. ጥናት በሠንጠረዡ 2019 ተብሎ የሚገኘው ነው። በዚህ የቁጥር መገጣጠም ምክንያት ቁጥሮቹ ትክክል ሆነው ሳለ፣ አንባቢ ሐተታውን ከ9.9 ጋር ያስተያያል። ስለዚህ ከዓመቱ ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መጻፍ ግድ ነው።

ጭማሪው የተሰላው ተጠጋግተው ከተጻፉት 48 እና 26 ነው። ከሠንጠረዡ ሲሰላ ግን 47.5 ሲቀነስ 26.2፣ 21.3 ይሆናል፤ ሲጠጋጋም 21 እንጂ 22 አይደለም። ማስላት አስቀድሞ፣ ማጠጋጋት ኋላ መሆን ይገባዋል። ደግሞም ይህ የሁለት መቶኛዎች ልዩነት ስለሆነ «21 የመቶኛ ነጥብ» ይባላል። በመቶ ይገለጽ ከተባለ 21.3 ለ26.2 ተካፍሎ 81 በመቶ ገደማ ይመጣል።

«እናቶች» የሚለውም ቃል ከሠንጠረዡ ጋር አይስማማም። የወሊድ ቦታ ሠንጠረዥ የሚቆጥረው ከጥናቱ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት በሕይወት የተወለዱ ሕፃናትን ነው፤ ሁለት ጊዜ የወለደች እናት ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች። በ2016 እ.ኤ.አ. ጥናት የእርግዝና ክትትል ሠንጠረዥ ታህቱ 7,590 ሴቶች ሲሆን፣ የወሊድ ቦታው 11,023 ወሊዶች ነው። ከሁለቱ የተወሰዱ መቶኛዎችን «ከእናቶች መካከል» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማያያዝ ስሕተት ነው።

ይህን ለማረም ረቂቁን አትሜ፣ በሐተታው ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር በቀይ አሰመርሁበት፤ በኅዳጉም የሠንጠረዡን ቁጥርና ረድፉን ጻፍሁ። ረድፍ ያልተገኘለት ቁጥር ወይ የተሰላ ነው፣ ወይ ከሌላ ሰነድ የመጣ ነው። የተሰላውን ደግሜ አሰላሁ፤ የሌላውን ምንጩን ጠየቅሁ። ሠንጠረዥ ከታረመ በኋላም ይህ ሥራ መደገም አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ሠንጠረዡ ሲለወጥ አሮጌው ቁጥር የሚቀረው በሐተታውና በማጠቃለያው ውስጥ ነውና።

ይህ ምርመራ ሠንጠረዡ ራሱ እውነት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ለዚያ ወደ መዝገቡ መመለስ ያሻል። ሐተታውና ሠንጠረዡ ካልተስማሙ ግን፣ መዝገቡ ሳይከፈት ከሁለቱ አንዱ መሳሳቱን ወይም ስለ ተለያዩ ነገሮች መናገራቸውን እናውቃለን።